እንቅልፍ ገና አልጣለኝም

ሰኔ ነበር። ልጄ ልትጠባ ተነስታ እኔም አብሬያት ነቅቻለሁ። ስልኬ ብልጭ አለ። ደሴ ያለችው ትንሿ እህቴ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። አንድ ፎቶና አንድ መስመር ልካለች።

«እትዬ፣ ነቅተሻል? ምን ልጻፍበት?»

ፎቶውን ከፈትኩት። ጠረጴዛ፣ ደብተር፣ ወርክሺት፣ ፔርሙስ፣ አተላው የቀረበት የቡና ስኒ። ከጀርባ ግድግዳው ላይ የእማዬ ሰዓት 8:40 ይላል። በአንድ ጠርዝ የጋቢዋ ጥለት ይታያል። ከታች ደግሞ፣ ልብ ብሎ ላየው፣ ውሃ የተሞላ ሳፋና ሁለት እግር። እንቅልፍ እንዳይወስዳት እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራለች። በደሴ ብርድ፣ ያውም በሰኔ። እኔም በጊዜዬ ያንኑ ሳፋ ተጠቅሜበታለሁ።

ለአንድ ጋዜጣ የፎቶ መግለጫ ስጽፍ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከፎቶ ሥር የምትገባዋን አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ማዘጋጀት ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ ውስጥ ማንም ፎቶ ሲለጥፍ ወደ እኔ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሆነ ነገር ጽፌ እልክና አልፈዋለሁ። ያን ሌሊት ግን ማለፍ አልቻልኩም። ልጅቷ የፈለገችውን ነገር አውቀዋለሁ። ደክሟታል፤ እንደደከማት እንዲታወቅላት ትፈልጋለች። ተስፋ የቆረጠች መምሰል ግን አትፈልግም። ሁለቱን በአንድ መስመር መያዝ ከባድ ነው።

«አንቺ መጀመሪያ ምን አሰብሽ?» አልኳት።

«በጣም ደክሞኛል ግን ተስፋ አልቆርጥም» ብላ ላከች። ከኋላው የጡንቻና የመጽሐፍ ምስል ደርድራለች።

እውነት ነው፤ የተናገረችው ውሸት የለበትም። ችግሩ «ግን» ላይ ነው። በአማርኛ «ግን» ከመጣች ሰሚው ከእሷ በፊት ያለውን ይተወዋል። «ጥሩ ልጅ ነው ግን...» ሲባል ጥሩነቱን ማን ያስታውሳል? «ደክሞኛል ግን» ስትል ድካሙን በገዛ እጇ ሰረዘችው። የቀረው «ተስፋ አልቆርጥም» ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የትኛውም ሰው፣ በየትኛውም ሰዓት፣ ስለ ምንም ነገር ሊለው የሚችል ቃል ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው ሳፋ፣ ስኒው፣ ቀይ እስክሪብቶው የትም የለበትም።

«ግን»ን አውጪው አልኳት።

«ቢደክመኝም አላቆምም» አለች።

ይሄኛው አጠር ብሏል። ግን ያው ነው። «ቢደክመኝም» ስንል ድካሙን ገና ያልተረጋገጠ፣ ቢመጣም ባይመጣም ለውጥ የሌለው ነገር እናደርገዋለን። እሷን ግን ደክሟታል። ዓይኗ እየተከደነ ነው። «ቢ» ያለቦታዋ ገብታለች።

እዚህ ላይ ልጄን ወደ ሌላው ጡት አዛውሬ ትንሽ አሰብኩ። ስለ ድካም በአማርኛ እንዴት እንደምናወራ ማሰብ ጀመርኩ።

«ደከመኝ» ስንል ሰውየው ባለቤት አይደለም። ልክ እንደ «ራበኝ»፣ «በረደኝ» ነው። ድካም የሚባል ነገር ከውጭ መጥቶ እኔ ላይ ያርፋል፤ እኔ ተቀባይ ነኝ። «ደከምኩ» ስንል ግን ሌላ ነገር ይመጣል። አቅም ማጣት ሊሆን ይችላል። ልፋትም ሊሆን ይችላል። «ስንት ደክሜ ያሳደግኩት ልጅ» ትላለች እናት። «ብዙ ደከምኩበት» ይላል ቤት የሠራ ሰው። የዛለም የለፋም በአንድ ግሥ ይነገራል። እህቴ የምትፈልገው ይሄንን ነበር፤ ድካሙና ጥረቱ አንድ ቃል ውስጥ እንዲገቡላት።

«ሌሊቱን ሙሉ ደከምኩባት» ብዬ ላክሁላት። «ባት» ትምህርቷን ትጠቁማለች አልኳት። ወደድኩት።

እሷ አልወደደችውም። «እትዬ፣ ያለቀ ነገር ይመስላል። እኔ እኮ ገና እየሠራሁ ነው።»

ልክ ናት። ያለፈ ጊዜ ነው የተጠቀምኩት። «ደከምኩባት» ያለ ሰው ደብተሩን አጥፎ ተነስቷል። ወይ ተሳክቶለታል፣ ወይ ትቶታል። ደጅ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ነው። እሷ ሳፋው ውስጥ ናት።

ያኔ ነው ፎቶውን በደንብ ያየሁት። ከስድስት ዓመት ሥራ በኋላም ይህን ስህተት እሠራለሁ። ስለ ቃሉ እያሰብኩ ፎቶውን እረሳዋለሁ። ጋዜጣው ላይ አለቃችን አንድ ነገር ደጋግመው ይሉን ነበር፦ ፎቶው የነገረህን አትድገመው፣ ፎቶው ሊነግርህ ያልቻለውን ጻፍ። ፎቶው ሌሊት መሆኑን ይናገራል፤ ሰዓቱ አለ። ቡና መጠጣቷን ይናገራል። መብረዱን ይናገራል። ማንበቧንም ይናገራል። የማይናገረው ምን እያነበበች እንደሆነና እዚያ ገጽ ላይ ምን ያህል እንደቆየች ነው።

ፎቶውን አሰፋሁት። ገጹ ላይ አንድ ጥያቄ በቀይ ተከቧል። ከሥሩ ሦስት ሙከራ አለ፤ ሦስቱም በትልቅ ኤክስ ተሰርዘዋል። ሦስቱም የሚያበቁት አንድ ቦታ ነው። ከካሬ ሩት ሥር −4 ተጽፏል።

«ይሄ −4 ምንድን ነው?»

«አትጠይቂኝ» አለች። ከዚያ ነገረችኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከ25 ሜትር ሕንፃ ጫፍ ላይ ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥታ ወደ ላይ ትወረወራለች። መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል? የመሬት ስበትን 10 ያዙ ይላል። እሷ ቀመሩን አስገብታ 25 = 20t − 5t² ብላ ትጀምራለች። ስታስተካክለው t² − 4t + 5 = 0 ይሆናል። ልትፈታው ስትሞክር ከካሬ ሩት ሥር 16 ሲቀነስ 20 ይመጣል። −4። መልስ የለውም። ኳሷ ግን የሆነ ሰዓት መውደቋ አይቀርም።

ከመጀመሪያው ጀምራ ደግማ ሠርታዋለች። ሦስት ጊዜ ያው −4 መጥቷል። ስሌቱ ላይ ስህተት እየፈለገች ነበር። ስሌቱ ላይ ስህተት አልነበረም።

እኔ ፊዚክስ አልሆነልኝም፤ ዝም አልኩ። ያም ሆኖ ጽሑፉን ያገኘሁት እዚህ ነው። ጥያቄዋ ሦስት ጊዜ ጥላታለች። እህቴ ስለ ራሷ ለማውራት እየታገለች ነበር፤ ማውራት የነበረባት ስለ ጥያቄዋ ነው። ሰው ስለ ድካሙ ሲያወራ ማማረር ይመስልበታል። ስለ ቆራጥነቱ ሲያወራ ጉራ ይመስልበታል። ስለጣለችው ጥያቄ ሲያወራ ግን ሁለቱም ሳይጠሩ ይሰማሉ።

«ይህ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጥሎኛል» ብዬ ጻፍኩ።

እሷ «ይህቺ በያት» አለች።

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ጥያቄን «ይህ» ማለትም «ይህቺ» ማለትም እንችላለን። ግን «ይህ ጥያቄ» የፈተና ወረቀት ላይ ያለ ጥያቄ ነው። «ይህቺ ጥያቄ» ስትይ አሳንሰሻታል፣ ቀርበሻታል፣ ትንሽ ተናደሽባታል። «ይህቺ ልጅ አስቸገረችኝ» እንደሚባለው። ሦስቴ ጥላሽም «ይህቺ» ካልሻት አልፈራሻትም ማለት ነው። አንዲት ፊደል የቆራጥነቱን ግማሽ ተሸከመች። ያንን ያገኘችው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

«ይህቺ ጥያቄ ሦስቴ ጥላኛለች።»

ግሡንም አየነው። «ጣለችኝ» ብንል አለቀ ማለት ነው። «ጥላኛለች» ስንል ግን ጉዳዩ እስካሁን ክፍት ነው። ሦስት ለባዶ እየተመራች ነው፤ ጨዋታው ግን አላለቀም።

አሁን ድካሙ ቀረ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ድካም የለም። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ትኩስ ሆና የምትናገር ልጅም ይህንኑ ልትል ትችላለች። «ዓይኔ ሊከደን ነው» የሚል ነገር ልንጨምር ሞከርን። ደስ አላለንም፤ ሁለት የተለያዩ ወሬዎች ሆኑ። አንዱ ስለ ፊዚክስ፣ አንዱ ስለ ዓይን።

በአማርኛ ከድካም ይልቅ እንቅልፍ ብዙ ሥራ ይሠራል። «እንቅልፌ መጣ» እንላለን፣ እንደ እንግዳ። «እንቅልፍ ወሰደኝ» እንላለን፣ እንደ ጎርፍ። ደግሞ «እንቅልፍ ጣለኝ» እንላለን።

ጣለኝ!

ጥያቄም ይጥላል፣ እንቅልፍም ይጥላል። አንድ ግሥ ነው። ሳላስበው ጮክ ብዬ ተናገርኩት መሰለኝ፣ ልጄ ጡቱን ለቃ አየችኝ። በአንድ እጄ እየተየብኩ ላክሁላት።

«ይህቺ ጥያቄ ሦስቴ ጥላኛለች። እንቅልፍ ገና አልጣለኝም።»

ለጥቂት ጊዜ መልስ አልመጣም። ከዚያ «እትዬዬዬ» አለች።

ይህን ጽሑፍ ዛሬም ሳየው የምወደው «ገና»ን ነው። «እንቅልፍ አልጣለኝም» ቢሆን ጉራ ነው። ንቁ ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም እንደማለት። «አይጥለኝም» ቢሆን ደግሞ ፉከራ ነው፤ ያውም ማንም የማያምነው፣ ምክንያቱም ፎቶው ላይ ያሉት እግሮች ሳፋ ውስጥ ናቸው። «ገና አልጣለኝም» ግን ሊጥለኝ ነው፣ እየመጣ ነው፣ አውቃለሁ ይላል። ድካሙ ያለው እዚያች ሁለት ፊደል ውስጥ ነው። ጽናቱም እዚያው ነው። እንዲያውም «ደከመኝ» የሚል ቃል የለም። «ግን» የለም። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሚያገናኛቸው አንባቢው ነው።

ሰዓቱን ልንጨምርበት ነበር። «ከሌሊቱ 8:40» ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። ፎቶው ላይ ስላለ አያስፈልግም አልኩ። እሷ ግን ያለፈውን ወር አስታወሰችኝ። ተመሳሳይ ፎቶ ለጥፋ ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን «በዚህ ሰዓት ደከመሽ እንዴ የኔ ልጅ? ገና በጊዜ እኮ ነው» ብላ ጽፋላት ነበር። የእማዬ ሰዓት የሚቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ነው። 8:40 ሲል ስልኩ 2:40 ይላል። እዚያ ለሚኖር ሰው 8:40 የራት ሰዓት ነው። «ከሌሊቱ» የምትለው ቃል ይህን ሁሉ ትፈታለች፤ እነሱ «ሌሊት» ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ አልረሱም። እኔ ግን ጽሑፉን ማስረዘም አልፈለግሁም። መጀመሪያ ላይ ከገባ የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሰዓቱ ላይ ነው፤ ጥያቄዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ አደረግነው፣ ለብቻው፣ እንደ ፊርማ።

«ይህቺ ጥያቄ ሦስቴ ጥላኛለች። እንቅልፍ ገና አልጣለኝም። ከሌሊቱ 8:40።»

የጡንቻውን ምስል አስጠፋኋት። ትንሽ ተከራከረችኝ። ጡንቻው «ጠንካራ ነኝ» ይላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ያንን ሳይል ነው የሚያሰማው አልኳት። ተቀበለች። የመጽሐፉን ምስል ለማስቀረት ለመነችኝ። መጽሐፍ ፎቶው ላይ አለ እኮ። እሱም ወጣ።

ልትለጥፍ ስትል «ቆይ» አልኳት። ፎቶውን ሳሰፋው ሌላም ነገር አይቼ ነበር። የመፈተኛ ካርዷን ከፔርሙሱ ጋር አስደግፋ አቁማዋለች። ፎቶዋ፣ ሙሉ ስሟ፣ የመፈተኛ ቁጥሯ፣ ሁሉም በግልጽ ይነበባል። ለማበርታት ነው ያቆመችው፤ ቀና ስትል እንድታየው። ግን በዚያ ቁጥር ነው ውጤት የሚታየው። ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ነገር አይደለም። በኋላ ማደብዘዝ ይቻላል። እኔ ግን ካርዱን አንስታ እንደገና እንድታነሳው ነገርኳት፤ የደበዘዘ ነገር የሰውን ዓይን ይስባል።

እንደገና ስታነሳው ፍላሽ አበራች። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ወረቀቱ አበራ፣ ቀዩ ቀለም ገረጣ፣ ከጀርባ ያለው ጨለማ ግድግዳ ሆኖ ቀረ። የሌሊት ፎቶን ሌሊት የሚያደርገው ጨለማው ነው። ፍላሹን አጥፍታ፣ የጠረጴዛ መብራቱን ወደ ገጹ አዘንብላ፣ ስልኩን ፔርሙሱ ላይ ደግፋ አነሳችው። እጇ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር መደገፉ ግድ ነበር። ሦስተኛው ላይ −4 ጥርት ብሎ ወጣ። ሳፋው ግን ከፍሬሙ ውጭ ቀረ። አዘንኩ። ከዚያ ሳስበው ተሻለ። ሳፋውን የሚያይ ሰው ስለ ሳፋው ነው የሚያወራው።

አሁን አንድ ነገር ቀረ፤ እኔና እሷ ያልተስማማንበት።

እኔ ጠዋት ለጥፊው አልኳት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፎቶ የለጠፈ ሰው ስልኩን አያስቀምጥም። ማን አየው፣ ማን ጻፈ እያለ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። እነዚያ አርባ ደቂቃዎች ጥናትም እንቅልፍም አይሆኑም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ በመያዝ ሰዓት መቅጠር ይቻላል። ለ2 ሰዓት ጠዋት ቅጠሪውና ተኚ አልኳት።

«ጠዋት ከሆነ ውሸት ነው» አለች።

«ምኑ ነው ውሸቱ?»

«ጠዋት እንቅልፍ ጥሎኛላ።»

መልስ አልነበረኝም። «ገና አልጣለኝም» የሚኖረው እውነት በሆነበት ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት «አልጣለኝም ነበር» መባል አለበት። ያኔ ደግሞ ሞተ፤ ትዝታ ሆነ። ቃል በቃል ስንከራከር ያደርን ሰዎች ስለሆንን ይህንን መናቅ አልቻልኩም። ራሴ ያስተማርኳት ነገር ነው።

በመጨረሻ እንዲህ አደረገች። ለክፍል ጓደኞቿ ግሩፕ ላከችው፤ እነሱም ነቅተዋል። ከዚያ ስልኩን አጠፋችና እማዬ ክፍል በር ሥር አስቀመጠችው። ለመውሰድ ከፈለገች እማዬን መቀስቀስ አለባት። እማዬን በዚያ ሰዓት የሚቀሰቅስ ሰው ደሴ ውስጥ የለም።

እኔ ስልኬን ይዤ ቀረሁ። ልጄ ተኝታለች። ያቺን −4 እያሰብኩ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ትገባለች። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው ይሰጥ የነበረው እዚያ ነው። ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። ከእነዚያ ከ2014 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እህቴ ይህን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥሯ ታውቀዋለች። ስለዚህ ነው ሳፋው፤ ጽሑፉን ስንጽፍ ግን ስለዚያ ቁጥር አንድም ጊዜ አላነሳችም።

ጠዋት ባለቤቴ ሻይ እየጠጣ ፎቶውን አሳየሁት። የፊዚክስ መምህር ነው። ጽሑፉን አላነበበም፤ ቀጥታ −4ን አየ።

«ልክ ናት እኮ» አለ።

«ሦስቴ ሰርዛዋለች።»

ወረቀት አወጣ። በሰከንድ 20 ሜትር ተወርውራ፣ ስበቱ 10 ከሆነ፣ ኳሷ ከሕንፃው ጫፍ 20 ሜትር ብቻ ወጥታ ትመለሳለች። እህቴ 25ን በፖዘቲቭ ስላስገባች የጠየቀችው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ኳሷ ከጫፉ 25 ሜትር ከፍ የምትለው መቼ ነው ብላ። −4 የመለሰላት «መቼም» ብሎ ነው። ኳሷ እዚያ አትደርስም። ስሌቱ ሦስቴም እውነቱን ነግሯታል። መሬቱ ከጫፉ በታች ስለሆነ −25 ብላ መጀመር ነበረባት። ያኔ t² − 4t − 5 = 0 ይሆናል፤ መልሱም 5 ሰከንድ ነው።

ልደውልላት ስልኬን ሳነሳ መልእክት ገብቶ አገኘሁ። ስልኳን እማዬ በር ሥር አንስታዋለች ማለት ነው። ፎቶ ነው። ያው ገጽ፣ በቀን ብርሃን። ከሦስቱ ኤክስ ሥር አራተኛ ሙከራ አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ከ25 ፊት ያለችው የመቀነስ ምልክት ወረቀቱን እስክትበሳ ተደጋግማ ተጽፋለች። ከታች t = 5።

«መቼ ሠራሽው?»

«ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ። 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ። እትዬ፣ እዚህኛው ላይስ ምን ልጻፍ?»

«ምንም አትጻፊበት» አልኳት።